ልዩነቱ ለዘጠኝ ሲካፈል

ውድ አማካሪ፣

አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሂሳብ መዝገብ ያዥ ነኝ። 140 አባላት አሉን። ሰኔ 30 ሂሳቡን ስዘጋ በጠቅላላ ሌጀሩ ላይ ያለው የአባላት ቁጠባ 1,512,480 ብር ሆኖ ሳለ፣ የአባላቱ የግል ካርዶች ሲደመሩ 1,509,780 ብር ብቻ ወጡ። 2,700 ብር ይጎድላል። ደጋግሜ ብደምረውም ያው ነው፤ 2,700 የሚል ደረሰኝም ፈልጌ አጣሁ። ያለፈው ዓመት ሰኔ 30 ሁለቱ እኩል ነበሩ። ካዝናው ተቆጥሮ፣ የባንኩም መግለጫ ታይቶ ከገንዘብ መዝገቡ ጋር ተስማምቷል። ያም ሆኖ ሰብሳቢያችን ገንዘብ ያዣችንን በጥርጣሬ ማየት ጀምረዋል። እኔ ደግሞ ገንዘብ ያዡን እንደ አባቴ ነው የማያቸው። አሮጌዎቹ ካርዶች ስለሞሉ ሐምሌ ላይ ወደ አዲስ ካርድ የገለበጥኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ኦዲተሩ ሳይመጣ 2,700 ብሩን ከደመወዜ አስገብቼ ነገሩን ብዘጋው ምን ይመስልዎታል?

እንቅልፍ ያጣች፣ ከአዳማ

ውድ እህቴ፣

ብሩን አያስገቡ። ሐሳቡ የመነጨው ለገንዘብ ያዡ ካለዎት አክብሮትና ከራስዎ ጭንቀት መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን የሚያስገቡት ገንዘብ የሚሞላው ቀዳዳ የለም። ካዝናውና ባንኩ ከገንዘብ መዝገቡ ጋር ከተስማሙ የጎደለው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። 2,700 ብር ካዝና ውስጥ ቢጨምሩ በመዝገብ የማይታወቅ ትርፍ ገንዘብ ይፈጠራል። ያንን ትርፍ ለማስመዝገብ በጠቅላላ ሌጀሩ የቁጠባ ሂሳብ ላይ ቢጽፉት፣ ካርዶቹ ባሉበት ስለሚቀሩ ልዩነቱ 5,400 ብር ይሆናል። በአንድ አባል ካርድ ላይ ብቻ ቢጽፉት ድምሩ በእርግጥ እኩል ይወጣል፤ ሆኖም ያ አባል ያላስቀመጠውን ገንዘብ ያገኛል፣ በእውነት የተጎዳው አባል ደግሞ እንደተጎዳ ይቀራል። ገንዘብ ያዡም ቢሆኑ አይጠቀሙም፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ 2,700 ብር ካዝና ውስጥ ሲገኝ ቀድመው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ይልቁንስ ያገኙትን ልዩነት ራሱን እንመልከተው፤ ብዙ ነገር ይናገራልና። የ2,700ን አሃዞች ሲደምሩ 2 እና 7 ነው፣ 9 ይሆናል። የአሃዞቹ ድምር 9 ወይም የ9 ብዜት የሆነ ቁጥር ሁሉ ምንም ሳይተርፍ ለ9 ይካፈላል፤ 2,700 ለ9 ሲካፈልም ልክ 300 ይመጣል። የሁለት መዝገቦች ልዩነት እንዲህ ለ9 ሲካፈል፣ አንድ ሰው ቁጥር ሲገለብጥ ሁለት ጎረቤት አሃዞችን ቦታ አለዋውጦ ጽፏል ብሎ መጠርጠር በሂሳብ ሥራ የቆየ ልማድ ነው።

ምክንያቱን ቢያውቁት ፍለጋው ራሱ ስለሚቀልልዎት በአንድ ምሳሌ ላስረዳዎት። የአንድ አባል ባላንስ 18,520 ብር ነበር እንበል፤ አዲሱ ካርድ ላይ ሲገለበጥ 8ና 5 ቦታ ተለዋውጠው 15,820 ተብሎ ተጻፈ። 8 በሺህ ቤት ሳለ 8,000 ነበር፤ ወደ መቶ ቤት ሲወርድ 800 ሆነ፣ ስለዚህ 7,200 ጠፋ፤ ይህም ዘጠኝ ጊዜ 800 ነው። 5 ደግሞ ከመቶ ቤት ወደ ሺህ ቤት ሲወጣ ከ500 ወደ 5,000 አደገ፣ ስለዚህ 4,500 ተጨመረ፤ ይህም ዘጠኝ ጊዜ 500 ነው። ማንኛውም አሃዝ አንድ ቤት ሲወጣም ሆነ ሲወርድ ለውጡ ምንጊዜም የዘጠኝ ብዜት ነው። ከጠፋው 7,200 ላይ የተጨመረው 4,500 ሲቀነስ 2,700 ይቀራል፤ ዘጠኝ ጊዜ 300 ማለት ነው። የእርስዎ ካርድ ይኸው ነው ማለቴ አይደለም፤ የእርስዎን ልዩነት የሚያህል ስሕተት እንዴት እንደሚወለድ እንዲያዩት ነው።

ይህን ካዩ ከክፍፍሉ የመጣው 300 ሁለት ነገሮችን ይነግርዎታል። ፊት ያለው 3 የተለዋወጡት ሁለት አሃዞች በመካከላቸው የሦስት ልዩነት እንዳላቸው ያሳያል። የሚከተሉት ሁለት ዜሮዎች ደግሞ ቦታውን ያሳያሉ፤ ዜሮ ባይኖር ኖሮ የአንድና የአሥር ቤት፣ አንድ ዜሮ ቢሆን የአሥርና የመቶ ቤት ነበር፤ ሁለት ዜሮ ስለሆነ የመቶና የሺህ ቤት ነው። ስለዚህ በየካርዱ ያለውን እያንዳንዱን አሃዝ መመርመር አያስፈልግዎትም፤ ዓይንዎ የሚያርፈው በሺህና በመቶ ቤት ላይ ብቻ ይሁን።

አቅጣጫውም ይታወቃል። የካርዶቹ ድምር ከሌጀሩ ስለሚያንስ፣ ስሕተቱ በካርድ ላይ በተጻፈ ገቢ ወይም ባላንስ ላይ ከሆነ የተጻፈው ቁጥር ከትክክለኛው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ የተጻፈው የሺህ አሃዝ ከመቶው አሃዝ በሦስት ያንሳል። እንዲህ ያሉ ጥንዶች ሰባት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 03፣ 14፣ 25፣ 36፣ 47፣ 58 እና 69 ናቸው። ስሕተቱ በወጪ ዓምድ ላይ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወጪ ሲበዛ ባላንስ ስለሚያንስ በወጪ በኩል የሚፈልጉት 30፣ 41፣ 52፣ 63፣ 74፣ 85 እና 96ን ይሆናል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ትራያል ባላንሱ ሚዛኑን ጠብቋል ወይ? በደብዳቤዎ አልጠቀሱትምና ነው። ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል ከሆኑ ጠቅላላ ሌጀሩ ልክ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ የአባላት ካርዶች ከትራያል ባላንሱ ውጭ የሚያዙ ዝርዝሮች ስለሆኑ እነርሱ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ሚዛኑን አያናጋውም። ሚዛኑ በዚያው በ2,700 ከተዛባ ግን መጀመሪያ የሚታየው ሌጀሩ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ በጥቅል የሚመዘገብ ከሆነ ደግሞ የዓመቱ ገቢ አሥራ ሁለት መስመር ያህል ብቻ ስለሚሆን በአጭር ጊዜ ከየወሩ ማጠቃለያ ጋር ተነጻጽሮ ያልቃል።

ሚዛኑ ተጠብቋል ብለን እንቀጥል። ያለፈው ሰኔ 30 ሁለቱ እኩል ከነበሩና ሐምሌ ላይ ካርዶቹ ከተገለበጡ፣ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብዎት ስሕተቱ የተፈጠረው በግልበጣው ዕለት ነው ወይስ ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት የሚለውን ነው። ይህን የሚለየው አንድ ድምር ብቻ ነው። ከ140ዎቹ አዲስ ካርዶች የመጀመሪያውን መስመር፣ ማለትም ከአሮጌው ካርድ የተላለፈውን መነሻ ባላንስ ብቻ እየወሰዱ ይደምሩና ሌጀሩ ሐምሌ 1 ከነበረው ባላንስ ጋር ያወዳድሩ። እስካሁን ደጋግመው የደመሩት የመጨረሻዎቹን ባላንሶች ይመስለኛል፤ የተሳሳተ ቁጥር ግን መቶ ጊዜ ቢደመር ያንኑ ድምር ይሰጣል። የመነሻዎቹ ድምር ያን ጊዜም በ2,700 ካነሰ የዓመቱን ደረሰኞች በሙሉ መተው ይችላሉ፤ የሚፈለገው በእነዚያ 140 መስመሮች ውስጥ ብቻ ነው።

መነሻ ባላንሶቹን በኤክሴል ከጻፏቸው ሰባቱን ጥንዶች የሚለይልዎት አንድ ቀመር አለ። ቁጥሮቹ በB ዓምድ ከሁለተኛው ረድፍ የሚጀምሩ ከሆነ ይህን በC2 ጽፈው ወደታች ይጎትቱት፦

```
=MOD(INT(B2/1000),10)-MOD(INT(B2/100),10)
```

ቀመሩ ከሺህ ቤት አሃዝ ላይ የመቶ ቤቱን አሃዝ ይቀንሳል፤ ለ15,820 ከ5 ላይ 8 ተቀንሶ -3 ይሰጣል። እርስዎም -3 የወጣባቸውን ካርዶች ብቻ ይለዩ። አሃዞቹ ያለ ሥርዓት የተበታተኑ ከሆኑ ይህን ጥንድ የሚይዙት ከመቶ ሰባት ያህሉ ናቸው፤ ስለዚህ ከ140 ካርዶች አሥር ገደማ ይቀርልዎታል ማለት ነው። ኤክሴል ባይኖርም ካርዶቹን እየገለጡ በሺህና በመቶ ቤት ላይ ያለውን ጥንድ ብቻ ቢያዩ ያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር ስላለ ልብ ይበሉ። ጥንዱ መፈለግ ያለበት ስሕተቱ በተጻፈበት መስመር ላይ እንጂ በዛሬው ባላንስ ላይ አይደለም። መነሻው 15,820 ተብሎ የተሳሳተ ካርድ ከዚያ በኋላ በየወሩ 500 ብር ቢገባበት ሰኔ ላይ 21,820 ይሆናል፤ ይህ ቁጥር በሺህና በመቶ ቤት የያዘው 18ን ነው፣ ከሰባቱ ጥንዶች አንዱም አይደለም። ቀመሩን በሰኔ 30 ባላንሶች ላይ ቢያስኬዱት ጥፋተኛው ካርድ ሳይታይ ያልፋል፣ ንጹሐን ካርዶች ግን ይጠቆማሉ።

የለዩአቸውን አሥር ያህል ካርዶች ከአሮጌዎቹ ካርዶች ጋር ያስተያዩአቸው። ብቻዎን አያድርጉት፤ ገንዘብ ያዡ ወይም የቁጥጥር ኮሚቴው አባል ከአሮጌው ካርድ ቁጥሩን ጮክ ብለው ያንብቡ፣ እርስዎ አዲሱን ይዘው ምልክት ያድርጉ። ቁጥሩም በአሃዝ በአሃዝ ይነበብ፤ «አንድ፣ ስምንት፣ አምስት፣ ሁለት፣ ዜሮ» ሲባል አንድ አሃዝ ቦታውን ቢለቅ ወዲያው ይሰማል። ሰብሳቢያችሁ የሚጠረጥሩት ገንዘብ ያዡን ስለሆነ፣ እሳቸው ራሳቸው በፍለጋው ውስጥ መኖራቸው ከማንኛውም ማስተባበያ ይልቅ ለእሳቸው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የመነሻ ባላንሶቹ ድምር ልክ ሆኖ ከተገኘስ? ያን ጊዜ ስሕተቱ የተፈጠረው በዓመቱ ውስጥ ነው፤ እዚህ ደግሞ የዘጠኝ ፍንጭ የት ድረስ እንደሚታመን ማወቅ አለብዎት። ለ9 የሚካፈል ልዩነት የአሃዝ መለዋወጥን ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም። በአጋጣሚ ከተገኙ ዘጠኝ ልዩነቶችም አንዱ ያህል ለ9 ይካፈላል። ከዚህም በላይ አሃዞቹ ሳይለዋወጡ ቁጥሩ በሙሉ አንድ ቤት ሲንሸራተት፣ ለምሳሌ 3,000 ሊጻፍ የሚገባው 300 ተብሎ ሲጻፍ፣ ልዩነቱ ያው 2,700 ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ከክፍፍሉ የሚመጣው ቁጥር ራሱ ትንሹ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ካርዶቹ ላይ 300 የሚል ገቢ ባዩ ቁጥር ደረሰኙ 3,000 እንዳይል ይመልከቱ።

ስለ ወርኃዊ መዋጮም ላንሳ። በማኅበራችሁ በወር 300 ብር የሚቆጥቡ አባላት ካሉ፣ የአንድ አባል ዘጠኝ ወር መዋጮ በካርዱ ላይ ሳይጻፍ ቢቀር ልዩነቱ ልክ 2,700 ይሆናል፤ የተለዋወጠ አሃዝ ሳይኖር ማለት ነው። 2,700 የሚል ደረሰኝ ያጡትም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ደረሰኝ የሚለው 300 ነውና። በየወሩ 300 የሚከፍሉትን አባላት ካርድ ብቻ አውጥተው አሥራ ሁለቱም ወራት መመዝገባቸውን መቁጠር ነው። የልዩነቱን ግማሽ፣ 1,350 ብርንም አንድ ጊዜ ይፈልጉት፤ 1,350 ብር ገቢ በስሕተት በወጪ ዓምድ ከተጻፈ ባላንሱ በእጥፉ፣ በ2,700 ይቀንሳል። እነዚህን ሁለቱን ማየት ብዙ ሰዓት አይፈጅም፤ ከሰባቱ ጥንዶች ፍለጋ በፊት ቢያደርጓቸውም አልቃወምም።

ሁሉም ባዶ ከሆነ ልዩነቱ የሁለት ወይም የሦስት ስሕተቶች ድምር ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ዘጠኝ አይረዳዎትም። የሚያዋጣው በየወሩ በካርዶቹ ላይ የተጻፈውን ገቢና ወጪ ደምሮ ከሌጀሩ የወር ምዝገባ ጋር ማወዳደር ነው። በመጀመሪያ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያለውን ባላንስ ይፈትሹ፤ እዚያ ድረስ እኩል ከሆኑ የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ነጻ ወጣ፣ ካልሆኑም ሁለተኛውን ግማሽ ለጊዜው ይተዉት።

ስሕተቱን ሲያገኙ ቁጥሩን ለመፋቅ ወይም በነጭ ቀለም ለመሸፈን አይቸኩሉ። የተሳሳተው ቁጥር እንዲነበብ አድርገው አንድ መስመር ያስምሩበት፣ ትክክለኛውን ከበላዩ ይጻፉ፣ ቀንና ፊርማ ያኑሩ፣ አሮጌውን ካርድ በማስረጃነት ያያይዙ። ከዚያ መስመር በታች ያሉት ባላንሶች ሁሉ በ2,700 ስለሚያድጉ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ያስተካክሏቸው። ሲጨርሱም የ140ዎቹ ካርዶች ድምር 1,512,480 መሆኑን እንደገና ይደምሩ፤ አንድ ስሕተት ሲገኝ ሌላ አለመኖሩን የሚያሳየው ይህ ድምር ነው።

የአባሉንም ነገር አይርሱ። ባላንሱ ዓመቱን ሙሉ በ2,700 አንሶ ከቆየ የቁጠባ ወለዱ የተሰላው ባነሰው ገንዘብ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ማኅበራችሁ የብድር ጣሪያን በቁጠባ መጠን የሚወስን ከሆነም በዓመቱ ውስጥ ብድር ጠይቆ አነስተኛ ተፈቅዶለት እንደሆነ ይመልከቱ። ወለዱ እንደገና ይሰላና ልዩነቱ በማስተካከያ ቫውቸር ይመዝገብለት፤ ለአባሉም በአካል ይነገረው።

ስለ ሰብሳቢው፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ፍለጋው እስኪያልቅ አልጠብቅም። ነገ ጠዋት የካዝና ቆጠራውንና ከባንክ መግለጫ ጋር የተደረገውን ማስታረቂያ ይዘው ይግቡና «ጋሼ፣ ገንዘቡ አልጎደለም፤ የሚለያዩት ሌጀሩና ካርዶቹ ናቸው፤ ልዩነቱም ለዘጠኝ የሚካፈል ስለሆነ የአሃዝ መለዋወጥ ሊሆን ይችላል ብዬ በሐምሌው ግልበጣ ላይ እየፈለግሁ ነው» ይበሏቸው። ካርዶቹን የገለበጡት እርስዎ መሆንዎን እዚያው አብረው ይንገሯቸው። ይህን መስማት ያለባቸው ከእርስዎ ነው፣ ገንዘብ ያዡም ባሉበት ቢሆን ይመረጣል። ለኦዲተሩም ሁለቱን ካርዶች፣ ልዩነቱንና የተስተካከለበትን ቀን የያዘ አንድ ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅተው ከቫውቸሩ ጋር ያቆዩለት።

አማካሪዎ